ኤኤልቲ ወርዶ ኤኤልፒ ሲወጣ፦ ሁለት የጉበት ውጤት፣ አንድ በሽታ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የ41 ዓመት ሴት ድንገት በቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ኃይለኛ ሕመም ጀምሯት፣ ሕመሙ 8 ሰዓት ያህል ከቆየባት በኋላ መጣች። ኤኤስቲ 610፣ ኤኤልቲ 480፣ ኤኤልፒ 132፣ ጠቅላላ ቢሊሩቢን 2.6 ሆነ። አልትራሳውንድ በሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ትንንሽ ጠጠሮች አሳይቷል፤ ቱቦው ግን 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ አልሰፋም ተባለ። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ነጻ ነው። ‹አጣዳፊ ሄፓታይተስ› ብለን አስተኛናት። ከ3 ቀን በኋላ ኤኤስቲ 88፣ ኤኤልቲ 190 ደረሰ፤ ኤኤልፒ ግን 324፣ ቢሊሩቢን 5.4 ሆነ፤ ከዚህም ቀጥተኛው 4.1 ነው። ትኩሳት የላትም። አንዱ ባልደረባዬ ‹ኢንዛይሙ ወርዷል፣ እየዳነች ነው› ይላል። ሌላው ‹የለም፣ ተዘግቷል› ይላል። የላብራቶሪያችን ጣሪያ ለኤኤስቲና ለኤኤልቲ 40፣ ለኤኤልፒ 120፣ ለቢሊሩቢን 1.2 ነው። የትኛውን ውጤት ልመን?»

መልስ፦

ሁለቱንም ይመኑ። ላብራቶሪው አልተሳሳተም፣ በሽታውም በ3 ቀን ውስጥ አልተቀየረም። በእኔ ግምት ከሐሞት ከረጢቷ የወጣ አንድ ጠጠር ዋናውን የሐሞት ቱቦ ዘግቷል፤ ሁለቱ ውጤቶች የዚሁ አንድ ክስተት መጀመሪያና መካከለኛ ገጽ ናቸው። «ተዘግቷል» ያለው ባልደረባዎ ወደ እውነቱ ቀርቧል። «እየዳነች ነው» የሚለው ንባብ ግን አሳሳቢ ነው፤ ምክንያቱም ታካሚዋን ወደ ቤት ያሰናብታታል።

ለምን እንዲህ እንደምል ከሥሩ ልጀምር።

ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ በጉበት ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሴሉ ሲጎዳ ወዲያው ወደ ደም ይፈስሳሉ። አስቀድመው ተሠርተው የተቀመጡ ስለሆኑ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ ጉዳቱ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ቁጥሩ ይዘልላል።

ኤኤልፒ እንደዚያ አይደለም። የሚገኘው ሐሞት በሚፈስበት በኩል፣ በሴሉ ሽፋን ላይ ነው። ሐሞት ሲታገድ የሚጠራቀመው የሐሞት ጨው ሴሉ አዲስ ኤኤልፒ እንዲሠራ ይገፋፋዋል። አዲስ ፕሮቲን መሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን። ስለዚህ ቱቦው ከተዘጋ ገና 8 ሰዓት በሆነው ሰው ላይ ኤኤልፒ ጤናማ ወይም ለጥቂት ያለፈ ቢሆን አያስደንቅም። የታካሚዎ 132 እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ታዲያ ቱቦ ሲዘጋ ኤኤልቲ ለምን ወደ 480 ወጣ? ቱቦው ድንገት ሲዘጋ በውስጡ ያለው ግፊት በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ግፊቱና የታገደው ሐሞት በአንድነት የጉበት ሴሎችን ይጎዳሉ። በሐሞት ጠጠር ምክንያት ኤኤልቲ ከ1,000 ያለፈባቸው ታካሚዎችም አሉ። «ኢንዛይሙ ይህን ያህል ከወጣ ሄፓታይተስ ነው» የሚለው ልማድ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የጉዳቱን መልክ ለመለየት የምንጠቀምበት ቀመር ይህ ነው፦

```
R = (ALT ÷ ULN) ÷ (ALP ÷ ULN)
```

ULN የሚለው የራስዎ ላብራቶሪ የሰጠው የጤናማ ወሰን ጣሪያ ነው። ከሌላ ሆስፒታል ወይም ከመጽሐፍ የተወሰደ ጣሪያ አይሠራም፣ ላብራቶሪዎች ይለያያሉና። ውጤቱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መልኩ የጉበት ሴል ጉዳት ነው፤ ሄፓቶሴሉላር የምንለው። 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የሐሞት መታገድ ነው፤ ኮሌስታቲክ የምንለው። በመካከል ያለው ቅይጥ ይባላል።

በመጀመሪያው ቀን 480 ለ40 ሲካፈል 12 ነው። 132 ለ120 ሲካፈል 1.1 ነው። 12ን ለ1.1 ሲያካፍሉ 10.9 ይመጣል። ይህ ያለ ምንም ጥርጥር የሴል ጉዳት መልክ ነው። ከ3 ቀን በኋላ 190 ለ40 ሲካፈል 4.75፣ 324 ለ120 ሲካፈል 2.7 ይሆናል። ሲካፈሉ 1.76። አሁን ደግሞ የሐሞት መታገድ መልክ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ በሽታ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ።

ይህ የሆነው ቀመሩ ከንቱ ስለሆነ አይደለም። የተዘጋጀው በመድኃኒት የሚመጣን የጉበት ጉዳት ለመመደብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ላይ ተመሠረተ። የመድኃኒት ጉዳት ብዙውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ስለሚገነባ ሁለቱ ኢንዛይሞች የሚመጣጠኑበት ጊዜ ያገኛሉ። ድንገተኛ መዘጋት ላይ ግን አንዱ በሰዓታት፣ ሌላው በቀናት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እኔ R ስሰላ ሁልጊዜ አብሬ የምጠይቀው «ሕመሙ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?» ብዬ ነው። ከ48 ሰዓት በፊት የተወሰደ ደም ላይ የተገኘ ከፍተኛ R ቱቦ አልተዘጋም ብሎ አያረጋግጥም።

የታካሚዎ ውጤት ግን ከR የበለጠ ነገር ይናገራል። የኢንዛይሞቹን አወራረድ ይመልከቱ።

ኤኤስቲ ከደም ውስጥ ቶሎ ይጸዳል፤ በግምት በየ17 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ኤኤልቲ ይዘገያል፤ በግምት በየ47 ሰዓቱ ነው በግማሽ የሚቀንሰው። ከሰው ሰው ይለያያል፣ ግን ለግምት ይበቃል። የመጀመሪያው ደም ከተወሰደ በኋላ አንድም ሴል ባይጎዳ ኖሮ፣ በ3 ቀን ውስጥ ኤኤስቲ ከ610 ተነስቶ 32 አካባቢ ይደርስ ነበር። ኤኤልቲ ደግሞ ከ480 ወደ 165 አካባቢ ይወርድ ነበር። እናንተ ያገኛችሁት 88 እና 190 ነው። ከግምቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ናሙና በኋላ ጥቂት ቀጥሎ ከዚያ እንደቆመ ይነግረናል።

በቫይረስ የሚመጣ ሄፓታይተስ እንዲህ አያደርግም። ቫይረሱ በ3 ቀን ውስጥ ሴል ማጥቃቱን አቁሞ ዝም አይልም። ዓይን ቢጫ ሲሆን ኢንዛይሙ ከፍታው ላይ ወይም ገና መውረድ የጀመረ ይሆናል፤ አወራረዱም ሳምንታት ይፈጃል። ደግሞም በቫይረስ ሄፓታይተስ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤልቲ ከኤኤስቲ ይበልጣል። የእርስዎ ታካሚ በመጀመሪያው ቀን ኤኤስቲዋ በልጦ ነበር፤ ገና ሰዓታት ብቻ የሆነው ጉዳት ላይ የሚታይ ነገር ነው። የታሪኩም ነገር አለ። ሄፓታይተስ ብዙ ጊዜ በምግብ መጥላት፣ በድካም፣ በማቅለሽለሽ ለቀናት ያዳክምና ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሰው ሰዓቱን ቆጥሮ «ይህን ጊዜ ነው የጀመረኝ» የሚለው ኃይለኛ የጎን ሕመም የጠጠር ነው።

እንዲህ በፍጥነት ወጥቶ በፍጥነት የሚወርድ ሌላም አለ፦ ጉበት ደም ሲያጥረው የሚደርስ ጉዳት። ያ ግን የደም ግፊቱ ክፉኛ የወረደ፣ ልቡ የደከመ ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ላይ ነው የሚመጣው። ኢንዛይሙም ብዙውን ጊዜ በሺዎች ይቆጠራል። እዚህ ያንን የሚያስጠረጥር ነገር አልጻፉልኝም።

ስለ ሄፓታይተስ ምርመራው አንድ ነገር ልበል። የቢ እና የሲ ፈጣን ምርመራ ነጻ መሆኑ «ቫይረስ አይደለም» ማለት አይደለም። ኤ እና ኢ የሚባሉት በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉ ናቸው፤ አብዛኛው የእኛ ሆስፒታል አይመረምራቸውም። የሲ ምርመራ ደግሞ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ በበሽታው መጀመሪያ ሳምንታት ሊያመልጠው ይችላል። እዚህ ሄፓታይተስን ወደ ኋላ የገፋሁት በእነዚህ ሁለት ምርመራዎች ተማምኜ አይደለም፤ በአወራረዱና በታሪኩ ነው።

አሁን ቢሊሩቢን። ብዙ ወጣት ሐኪሞች ቀጥተኛው ቢሊሩቢን ሲበዛ «እንግዲያው ቱቦ ተዘግቷል» ይላሉ። ትክክል አይደለም። የተጎዳ የጉበት ሴልም ቢሊሩቢንን አጣምሮ ወደ ሐሞት ማስወጣት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በሄፓታይተስም በመዘጋትም ከፍ የሚለው በዋናነት ቀጥተኛው ነው። ሽንት ጥቁር ሻይ መምሰሉም ሁለቱም ላይ አለ። የሰገራ መንጣት ወደ መዘጋት ያጋድላል፣ ግን በከባድ ሄፓታይተስም ለጥቂት ቀናት ሊታይ ይችላል። ቢሊሩቢን ስለ መልኩ ብዙ አይነግርም። የሚጠቅመው በአቅጣጫው ነው፦ ኢንዛይሞቹ እየወረዱ እሱ ከ2.6 ወደ 5.4 ከወጣ ሐሞቱ አሁንም መውጫ አላገኘም።

አልትራሳውንዱስ? የመጀመሪያው ቀን 5 ሚሊ ሜትር ያለው ሐኪም ልክ ነው። ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጤናማ እንላለን። ግን ቱቦው በተዘጋ በሰዓታት ውስጥ አይሰፋም። በዚያ ላይ የቱቦው ታችኛ ጫፍ ከአንጀት አየር ጀርባ ስለሆነ ጠጠሩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይታይም። «ቱቦው አልሰፋም» የሚለው ወረቀት የ3 ቀን ዕድሜ አለው፤ ዛሬ ይደገም። ሲደገም ቱቦው ከሰፋ፣ ቢሊሩቢኑ ከ4 በላይ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ጠጠር የመኖሩ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። የሚያነሳው ሐኪም በአገራችን ወስፋትም ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ አይርሳ፤ እንደ ረጅም ክር ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ የR ሌላ ወሰን አለ። 2 ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ሐሞት መታገዱን እንጂ የት እንደታገደ አይናገርም። ትልቁ ቱቦ ላይ ሊሆን ይችላል። በጉበቱ ውስጥ፣ በአልትራሳውንድ በማይታዩ ጥቃቅን ቱቦዎች ደረጃም ሊሆን ይችላል። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የወሰደ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ከሳምንታት በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ወደ ጉበት የተሰራጨ የሳንባ ነቀርሳ ዋናው ምልክቱ ኤኤልፒ ብቻውን በጣም መውጣቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታካሚዋን በዚህ ሁለት ወር የወሰደችውን ሁሉ ይጠይቋት፤ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውንም፣ ለወፍ በሽታ ተብሎ የተሰጣትን የባህል መድኃኒትም። ሳይኮነኑ ሲጠየቁ ሰዎች ይናገራሉ።

ኤኤልፒው ራሱ ከጉበት መምጣቱንም ማረጋገጥ ይገባል። አጥንትም ይሠራዋል፤ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት የእንግዴ ልጅም ይሠራዋል። በሚያድግ ልጅ ላይ ደግሞ በጤናው ከፍ ይላል። ጂጂቲ የሚባለው ኢንዛይም ካላችሁ አብሮ ከፍ ካለ ምንጩ ጉበት ነው፤ በአጥንት ምክንያት አይወጣምና። የእርስዎ ታካሚ ቢሊሩቢኗም አብሮ ስለወጣ ይህ ብዙ አያስጨንቅዎትም። እርጉዝ አለመሆኗን ብቻ ይወቁ።

የናሙና ችግርም መልኩን ሊገለብጥ ይችላል። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎች ከፈነዱ ኤኤስቲ በሐሰት ይወጣል። ለደም ቆጠራ በሚውለው ሐምራዊ ክዳን ቱቦ የተቀዳ ደም ለጉበት ምርመራ ከዋለ ደግሞ ኤኤልፒ በሐሰት ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ኬሚካል ኢንዛይሙ የሚሠራባቸውን ዚንክና ማግኒዚየም ይይዛቸዋልና። ኤኤልፒ ወደ ታች ሲወድቅ R በሐሰት ወደ ላይ ይተኮሳል፤ የታገደ ሐሞት ሄፓታይተስ ይመስላል። መለየት ቀላል ነው፦ በዚያው ናሙና ፖታሲየም ያለ ምክንያት ከፍ፣ ካልሲየም ደግሞ ዝቅ ይላል።

ያልጻፉልኝ አንድ ውጤት አለ፤ አይኤንአር። ከሁሉም በላይ እሱን እፈልገዋለሁ። ኤኤልቲ የጉበትን ጉዳት እንጂ ሥራውን አይለካም። ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው ጉበት ነው፤ እነሱን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ኬ ከምግብ ለመመጠጥ ሐሞት ይፈልጋል። ስለዚህ አይኤንአር በሁለት መንገድ ሊበላሽ ይችላል፦ ጉበቱ መሥራት አቅቶት፣ ወይም ጉበቱ ደህና ሆኖ ቫይታሚኑ ስላልደረሰው። ከፍ ብሎ ካገኙት 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቀስ ብለው ሰጥተው በነገው ቀን ይድገሙት። በደንብ ከተስተካከለ ችግሩ የሐሞት መታገድ ነበር፤ ጉበቱ ይሠራል። ካልተስተካከለ የጉበቱ ሴሎች ራሳቸው እየደከሙ ነው፤ ያ በጣም አሳሳቢ ነው።

«ኢንዛይሙ ወርዷል፣ እየዳነች ነው» ላለው ባልደረባዎ ይህን በተለይ ይንገሩልኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ አይሶናያዚድና ፓይራዚናማይድ የሚወስድ፣ ኤኤልቲው 900 ሆኖ ከሳምንት በኋላ 200 ቢደርስ ደስ ሊለን ይችላል። ግን በዚያው ጊዜ ቢሊሩቢኑና አይኤንአሩ እየወጡ ከሆነ፣ ኤኤልቲ የወረደው የሚፈስሰው ሴል ስላለቀ ነው። ያ ሰው ወደ ሞት እየሄደ ነው። በመድኃኒት የሚመጣ የሴል ጉዳት ላይ ኤኤልቲ ከጣሪያው ከ3 እጥፍ በላይ፣ ቢሊሩቢንም ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነና ኤኤልፒ ብዙ ካልወጣ፣ ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ሊሞት ወይም ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው እንደሚችል የታወቀ ነው። የኤኤልቲ መውረድ ብቻውን የምሥራች ሆኖ አያውቅም። ቢሊሩቢንና አይኤንአር አብረው ሲወርዱ ነው።

ለታካሚዎ ዛሬ የማደርገውን ልንገርዎ። አይኤንአር፣ የደም ቆጠራና የሙሉ ጉበት ምርመራ እንደገና እወስዳለሁ። ሊፔዝ ወይም አሚሌዝ ካለ እጨምራለሁ፤ የቱቦው ጫፍ ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ቆሽትንም ያቆጣል። አልትራሳውንዱን አስደግማለሁ። የሙቀት መጠኗን በየ6 ሰዓቱ አስለካለሁ። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው፤ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀምሬ በዚያው ቀን እልካታለሁ። የደም ግፊቷ ከወረደ ወይም ከተደናገረች በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ስለሚችል የምታድርበት ጊዜ የለም።

ትኩሳት ባይኖርም ሪፈራሉን ዛሬ ይጻፉ። የሚያስፈልጋት ኤምአርሲፒ የሚባለው ምስል ወይም ጠጠሩን በኢንዶስኮፒ የሚያወጣው ኢአርሲፒ ነው። ኢአርሲፒ በአገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ተቀባዩን ሐኪም አስቀድመው በስልክ ቢያነጋግሩ ቀን ይቆጥባሉ። በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ውጤቶች ከነሰዓታቸው ይጻፉ። «ኤኤልቲ 190፣ ኤኤልፒ 324» ብቻ የተጻፈለት ሐኪም ዕጢ ሊጠረጥር፣ «ኤኤልቲ 480» ብቻ የተጻፈለት ደግሞ ሄፓታይተስ ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ግን ጠጠር ነው ይላል።

ጠጠሩ በራሱ አልፎ ወደ አንጀት ሊወድቅም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ያንን የሚያውቁት ሕመሙ ሲለቅቃትና ቢሊሩቢኑ መውረድ ሲጀምር ነው። ኤኤልፒን አይጠብቁ፤ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ዓይኗንም አይጠብቁ። ከቢሊሩቢኑ ከፊሉ ከአልቡሚን ጋር ስለሚጣበቅ ቢጫነቱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ይህ የተጣበቀው ክፍል በኩላሊት ስለማያልፍ ሽንቷ ከዓይኗ ቀድሞ ይጠራል። ነገ ጠዋት ሽንቷን በንጹሕ ብልቃጥ ተቀብለው ይዩት። ከጠራና ቢሊሩቢኑ ከወረደ ጠጠሩ አልፏል፤ ያኔ ጥድፊያው ይቀንሳል፣ ግን የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ቀጠሮ ያስፈልጋታል፤ ውስጡ ያሉት ጠጠሮች አሁንም እዚያው ናቸው።